የማድ ቤቱ ሒሳብ፦ ደሴ ያለውን አሮጌ የኪራይ ቤት ከማደሴ በፊት ያደረግሁት ስሌት

ከአባታችን የወረስነው ደሴ ከተማ ሸዋ በር አካባቢ ያለው ቤት ባለ ሦስት ክፍል የእንጨትና የጭቃ ቤት ሲሆን፣ ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት በስተጀርባ ለብቻው የቆመ፣ ወለሉ አፈር፣ ግድግዳው በጭስ የጠቆረ ነበር። ተከራዮቹ ውሃ ከግቢው ቧንቧ በጀሪካን ይቀዳሉ፤ የኤሌክትሪክ ምጣዱን የሚሰኩት ደግሞ ለአምፖል ተብሎ በተዘረጋ ቀጭን ገመድ ላይ ነበር። በወር 6,500 ብር እናከራየው ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተከራያችን ወደ ኮምቦልቻ በሥራ ተዛውራ ቤቱን ስትለቅ፣ ታናሽ ወንድሜ ማድ ቤቱን እስከ ጣሪያው ድረስ ሴራሚክ አልብሰን፣ ቁም ሣጥን አስገጥመን ኪራዩን እንጨምር የሚል ሐሳብ አመጣ። አንድ የሕንፃ ሠራተኛም መጥቶ ዐይቶ ሥራውን በጥቅሉ በ165,000 ብር እንደሚጨርስልን ነገረን። እኔ በዚህ ገንዘብ ላይ ከመስማማቴ በፊት ማወቅ የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፤ ይህ ማድ ቤት በወር ስንት ብር ሊጨምርልን ይችላል?

ብዙ ሰው ስሌቱን የሚጀምረው ከወጪው ነው። ሥራው ስንት እንደሚፈጅ ይጠይቃል፤ ከዚያም ኪራዩን በዚያ ልክ ከፍ አደርጋለሁ ብሎ ያስባል። ነገር ግን ተከራይ የሚከፍለው እኛ ያወጣነውን ገንዘብ ዐይቶ አይደለም፤ በዚያው ሰፈር በዚያው ገንዘብ ሌላ ምን ቤት ሊያገኝ እንደሚችል ዐይቶ ነው። ስለዚህ እኔ ከኪራዩ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የጠየቅሁት ደላላ ነው። ቤቱ ከታደሰ በ9,000 ብር እንደሚያከራይልኝ ያለምንም ማመንታት ነገረኝ። ይህን ቁጥር ጻፍኩት እንጂ አላመንኩበትም፤ ደላላ የሚነግረን የሚጠየቀውን ዋጋ ነው፣ የሚከፈለውን ግን የሚያውቁት ተከራዮች ናቸው። ስለዚህ በሁለት ቅዳሜዎች በሰፈራችን እየዞርኩ፣ እንደ እኛ ቤት ባለ ሦስት ክፍልና የግቢ መጸዳጃ ያላቸውን ቤቶች እየፈለግሁ፣ የሚከራዩትን ሰዎች በቀጥታ አነጋገርኩ። ክፍሉና መጸዳጃው ከእኛ ጋር የማይመሳሰለውን ቤት ተውኩት፤ ምክንያቱም የኪራዩ ልዩነት የመጣው ከማድ ቤቱ ይሁን ከሌላው መለየት አይቻልም።

ለማነጻጸር የሚበቁ አራት ቤቶች አገኘሁ። አንደኛው ማድ ቤቱ እንደ እኛው ያለ ሲሆን ተከራዮቹ 6,700 ብር ይከፍላሉ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሊሾ ወለል፣ በማድ ቤቱ ውስጥ የእቃ ማጠቢያ ሲንክና ለምጣድ የተለየ የመብራት መስመር ያላቸው ሲሆኑ፣ 8,300 እና 8,500 ብር ይከፈልባቸዋል። አራተኛው ማድ ቤቱ ሙሉ በሙሉ በሴራሚክ የተለበጠና ቁም ሣጥን ያለው ሲሆን ኪራዩ 8,800 ብር ነው። አንድ አምስተኛ ቤትም በ10,000 ብር ይከራያል ተብሎ ነበር፤ ግን ሁለት ወር ሙሉ ባዶውን እንደቆመ ጎረቤቶቹ ስለነገሩኝ ከሒሳቡ አወጣሁት። ሰው ያልገባበት ቤት ዋጋ የባለቤቱ ምኞት ብቻ ነው።

ከሦስተኛው ቤት ተከራይ ጋር ያደረግሁት አጭር ውይይት ከቁጥሮቹ ይልቅ ረዳኝ። እናቲቱ ቡና አፍልተው አስቀምጠውኝ፣ «እትዬ፣ ከቀድሞ ቤትዎ ይህን በ1,500 ብር አብልጠው የተከራዩት ለምንድን ነው?» ስላቸው፣ «ጋሼ፣ እኔ የምከፍለው ለግድግዳው አይደለም። ውሃ ተሸክሜ እንዳልመጣ፣ እንጀራዬም ሳይጋገር መብራቱ እንዳይጠፋብኝ ነው» አሉኝ። ከእርሳቸው ጋር ተነጋግሬ ስወጣ በሐሳቤ ውስጥ ሥራው ለሁለት ተከፈለ። የውሃው፣ የፍሳሹ፣ የወለሉና የመብራቱ ሥራ ኪራዩን ወደ 1,800 ብር ያህል ያሳድጋል። ከዚያ በላይ ያለው ሴራሚክና ቁም ሣጥን የሚጨምረው ቢበዛ 300 ብር ነው።

አሁን ወደ ሥራው ጣሪያ መጣሁ፤ ማለትም ከዚህ በላይ ካወጣሁ አያዋጣም የምለው ልክ። በወር 1,800 ብር በዓመት 21,600 ብር ነው። ግን ይህ ሁሉ በኪስ አይገባም። በዚያን ጊዜ ይሠራበት በነበረው የኪራይ ገቢ ግብር አሠራር፣ መዝገብ ለማይዝ አከራይ ከጠቅላላው ኪራይ ግማሹ በወጪ ይያዝለትና በቀረው ላይ ግብር ይሰላል፤ የእኛ ኪራይ ሲጨምር ጭማሪው የሚያርፍበት ምጣኔ 20 በመቶ ስለነበር፣ ከጭማሪው አሥር በመቶ ገደማ ማለትም 2,160 ብር ለግብር ቀነስኩ። የገቢ ግብር አዋጁ ከዚያ በኋላ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ስለተሻሻለ፣ ዛሬ የሚያሰላ ሰው የወቅቱን ምጣኔ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይኖርበታል። ከዚያም አዲስ ነገር በተገጠመ ቁጥር ጥገናም አብሮ እንደሚመጣ በማሰብ፣ ለቧንቧ መክፈቻ፣ ለሲንክ ማስተላለፊያና ለብሬከር በዓመት 2,000 ብር ያዝኩ። የቀረኝ በዓመት 17,440 ብር ሆነ።

ገንዘቡ በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲመለስ ወሰንኩ። አምስት ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም፤ ቤቱ የጭቃ በመሆኑና ከማድ ቤቱ በኋላ የቆርቆሮው እድሳት ስለሚከተል፣ ከዚያ በላይ ርቆ ማሰብ ራስን መደለል መስሎ ታየኝ። 17,440 በአምስት ሲባዛ 87,200 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ወጪ አለ፤ ሥራው እስኪያልቅና አዲስ ተከራይ እስኪገባ ድረስ የማይገኘው ኪራይ። ሁለት ወር ይፈጃል ብዬ 13,000 ብር ቀነስኩ። የቀረው ወደ 74,000 ብር ነው። አሮጌ ቤት ሲከፈት ምን እንደሚወጣ ስለማይታወቅ፣ ከሚታወቀው ሥራ ላይ 15 በመቶ መጠባበቂያ እንዲኖረኝ ስል፣ በዝርዝር የማውቀው ሥራ ከ64,000 ብር እንዳይበልጥ ልክ አበጀሁለት።

የወንድሜን ሐሳብም በዚሁ ሚዛን አስቀመጥኩት። ከእኔ ልክ በላይ የሚወጣው ገንዘብ 90,000 ብር ገደማ ሲሆን፣ የሚያመጣው ተጨማሪ ኪራይ በወር 300 ብር፣ ከግብሩ በኋላ በዓመት 3,240 ብር ነው። ያንኑ 90,000 ብር በባንክ ብናስቀምጠው፣ በዚያን ጊዜ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ስለነበረ በዓመት 6,300 ብር ያስገኛል፤ ገንዘቡም የእኛው እንደሆነ ይቆያል። ወንድሜ ይህን ሲያይ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና «እሺ፣ ግን አስቀያሚ አይሁን» አለ። ይህም አግባብ ያለው ነገር ነበርና በዋናነት በሚታየውና በሚረጥበው ቦታ ላይ ሴራሚክ እንዲኖር ተስማማን።

ከዚህ በኋላ ነው የመለኪያ ሜትር ይዤ ወደ ማድ ቤቱ የገባሁት። ክፍሉ 3 ሜትር በ2 ሜትር ከ40 ነው፤ ከፍታው 2 ሜትር ከ50። ወለሉ 7.2 ካሬ ሜትር ይሆናል። ሲንኩ የሚቆምበትን ረጅሙን ግድግዳና ምጣዱ የሚቀመጥበትን አጭሩን ግድግዳ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ብቻ በሴራሚክ ለመሸፈን 8.1 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። ከወለሉ ጋር 15.3፣ ለሚሰበረውና ለሚቆረጠው አሥር በመቶ ሲጨመርበት 17 ካሬ ሜትር ነው። ግድግዳው ሁሉ እስከ ጣሪያ ቢለበጥ ግን በሩና መስኮቱ ተቀንሶ፣ ከወለሉና ከአሥር በመቶው ጭማሪ ጋር 35 ካሬ ሜትር ገደማ ይፈጅ ነበር። ዋጋ በጥቅል የተነገረው ሰው ይህን ልዩነት አያየውም፤ ለዚህ ነው ማንኛውም ሠራተኛ ዋጋ ሲሰጠኝ በካሬና በቁጥር ዘርዝሮ እንዲጽፍልኝ የምጠይቀው።

የጭቃ ግድግዳ ሴራሚክን በቀጥታ አይሸከምም። ጭቃው ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሴራሚኩም በአንድ ክረምት ውስጥ እየተገነጠለ ይወድቃል፤ ከጀርባው የገባው ውሃ ደግሞ ቋሚውንና ማገሩን ያበሰብሳል። ስለዚህ ውሃ በሚነካው ግድግዳ በኩል ከውስጥ በብሎኬት ተጨማሪ ግድግዳ እስከ ሴራሚኩ ከፍታ ድረስ እንዲቆም አደረግሁ፤ በምጣዱ በኩል ግን እርጥበቱ አነስተኛ ስለሆነ በእንጨቱ ላይ የሽቦ መረብ ተቸንክሮ በሲሚንቶ ተለሰነ። ወለሉ ላይ ድንጋይ ተነጥፎ ስምንት ሳንቲሜትር ሊሾ ሲፈስ የሚፈጀው ሲሚንቶ ሁለት ኩንታል ገደማ ነው። የድንጋዩ፣ የአሸዋው፣ የሲሚንቶውና የብሎኬቱ ወጪ በጠቅላላው 16,000 ብር ተተመነ፤ ሴራሚኩ በካሬ 950 ብር ሒሳብ 16,150 ብር።

የመብራቱ ነገር ሰው ሁሉ አሳንሶ የሚያየው ግን ትልቁ አደጋ ያለበት ሥራ ነው። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ማለት ነው። ለአምፖል የተዘረጋው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ይህን ለረጅም ሰዓት አይችልም። አሮጌ ቤት ውስጥ ይህ ችግር መኖሩን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም፤ ምጣዱ ሲሰካ የሳሎኑ አምፖል የሚደበዝዝ ከሆነ፣ ሶኬቱ ዙሪያው ቡናማ ከሆነ ወይም ከጋገሩ በኋላ ሲነኩት የሚሞቅ ከሆነ ገመዱ ከአቅሙ በላይ እየተጫነ ነው። እኔ ከቆጣሪው እስከ ማድ ቤቱ ባለው 14 ሜትር ላይ በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ፣ ከመሬት መስመሩ ጋር፣ ለብቻው ባለ 25 አምፔር ብሬከር ያለው መስመር አዘረጋሁ፤ ለዚህ 7,600 ብር ተያዘ። ወጪውን ለመቀነስ ከሚያስፈልገው በታች የሆነ ቀጭን ገመድ እንድገዛ የመከረኝ ሰው ነበር፤ የሚተርፈው ግን ከአንድ ወር ኪራይ ጭማሪ አይበልጥም ነበር።

ውሃውን በተመለከተ ደሴ ላይ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ ባዶ ሲንክ ማስገባት ብቻውን ኪራይ አይጨምርም። በግቢው የነበረውን ባለ 500 ሊትር ሮቶ ወደ ማድ ቤቱ አቅራቢያ አምጥተን በብረት ቆጥ ላይ አስቀመጥነው። በጭቃው ቤት ጣሪያ ላይ እንዲሰቀል የጠየቀ ሠራተኛ ነበር፤ የሞላ ሮቶ ግማሽ ቶን እንደሚመዝን ስነግረው ሐሳቡን ተወው። የእቃ ማጠቢያው ፍሳሽ ደግሞ እስከ ጉድጓዱ ዘጠኝ ሜትር ይሄዳል፤ በእያንዳንዱ ሜትር ሁለት ሳንቲሜትር ካልወረደ የሽሮውና የዘይቱ ቅሪት በቧንቧው ውስጥ ይጋገርና ይዘጋዋል። ስለዚህ 18 ሳንቲሜትር መውረጃ ያስፈልገኛል። ዋጋ ከመስማማቴ በፊት ውሃ የሞላ ግልጽ ጎማ ከሲንኩ ቦታ እስከ ጉድጓዱ ዘርግቼ ለካሁት፤ መሬቱ 30 ሳንቲሜትር ያህል ይወርዳል። ባይወርድ ኖሮ አዲስ ጉድጓድ ማስቆፈር ግድ ስለሚሆን ሒሳቡ ሁሉ ይቀየር ነበር። ሲንኩ፣ ቧንቧው፣ ቆጡና ፍሳሹ 9,800 ብር ሆነ። የግንበኛው፣ የቧንቧና የመብራት ሠራተኛው፣ የቀን ሠራተኞቹም ዋጋ 12,300፣ ማጓጓዣው 2,000 ብር ሲጨመር ድምሩ 63,850 ብር መጣ። ልኬ 64,000 ነበርና ሥራው ተጀመረ።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ግንበኛው የሲንኩን መደብ እንደ ከተማው ልማድ ስፋቱን 60 ሳንቲሜትር ሊሠራ ነበር። ምጣዱ ግን ራሱ 60 ሳንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ጠርዙ ወጥቶ ይንጠለጠላል። በምጣዱ በኩል 75 ሳንቲሜትር አሰፋነው፤ ከፍታውንም ከሲንኩ ዝቅ አድርገን 65 ሳንቲሜትር አደረግነው፤ ምክንያቱም ሊጥ ከላይ ስለሚፈስ ከፍ ያለ መደብ ላይ መጋገር ክንድ ያደክማል። ይህን ያወቅሁት ከእናቴ ነው። ብር አልጨመረም፤ ቤቱን ለማየት የመጡት ሴቶች ግን ሁሉም ልብ አሉት።

ስህተቴ የተፈጠረው በእንጨቱ ላይ ነው። ከሥራው በፊት የግድግዳውን ቋሚዎች ግርጌ በጠፍጣፋ የብሎን መፍቻ ወጋሁ፤ ጠንካራ እንጨት መፍቻውን አያስገባም፣ የበሰበሰው ግን እንደ ቂጣ ይበሳል። ሁሉም ደህና ነበሩ። ግን የወጋሁት ከውስጥ ብቻ ነበር። ግድግዳው ሲከፈት ከውጭ በኩል ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ መሬት ነክቶ እየተረጨ የሚያገኛቸው ሁለት ቋሚዎች ከጉልበት በታች ሙሉ በሙሉ በስብሰዋል፤ ምስጥም ገብቶባቸዋል። እነርሱን ለመቀየርና ከውጭ በኩል ድንጋይ ለመንጠፍ 6,200 ብር ወጣ። በዚያ ላይ ሲሚንቶ በመካከሉ ስለተወደደ ሌላ 2,400 ብር ተጨመረ። መጠባበቂያ ባልይዝ ኖሮ በዚህ ጊዜ ሥራው በግማሽ ይቆም ነበር። ሁለቱን ጨምሮ ወጪው 72,450 ብር ላይ ቆመ።

ሁለተኛው የሳትኩት ጊዜውን ነው። ሁለት ወር ያልኩት ሁለት ወር ተኩል ሆነ፤ ምክንያቱም መጀመሪያ ደላላው በነገረኝ 9,000 ብር ላይ ስለጸናሁ ነው። የሚመጣ ሰው ዐይቶ ይወደዋል፤ ዋጋውን ሲሰማ ግን «እናስብበት» ብሎ አይመለስም። በሦስተኛው ሳምንት በ8,200 ብር አከራየሁት። ግማሽ ወር ባዶ በመቆየቱ ያጣሁት 3,250 ብር ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ዞሬ የሰበሰብኩትን ቁጥር ባምን ኖሮ ይህ አይደርስብኝም ነበር።

ቤቱ ተከራይ እያለበት ቢሆን ኖሮ ሒሳቡ ከዚህ የተለየ ይሆን ነበር። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተፈጻሚ በሚሆንባቸው ከተሞች፣ የኪራይ ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ አይችልም፣ ኪራዩም የሚጨመረው በዓመት አንድ ጊዜ መንግሥት በሚያወጣው ምጣኔ ብቻ ነው፤ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር አይበልጥም። ስለዚህ «አድሼ ከነገ ጀምሮ 1,800 ብር እጨምራለሁ» የሚለው ስሌት፣ ቤቱ ተከራይ ካለበት፣ ከመነሻው ሊወድቅ ይችላል። በከተማው አዋጁ እንዴት እንደሚሠራበት ከቤቶች ጽሕፈት ቤት ጠይቆ ነው ወደ ሠራተኛ መሄድ።

በመጨረሻ ጠቅላላ ወጪውን ከጠፋው ኪራይ ጋር ስደምረው 88,700 ብር መጣ። የኪራይ ጭማሪው 1,700 ብር በመሆኑ ከግብርና ከጥገና በኋላ በዓመት የሚተርፈኝ 16,360 ብር ነው፤ ገንዘቡ የሚመለሰውም በአምስት ዓመት ከአምስት ወር ነው። ካሰብኩት በአምስት ወር ዘገየ። በወንድሜ ሐሳብ ሠርተነው ቢሆን ኖሮ፣ እንጨቱ ባይበሰብስብን እንኳ፣ ከስምንት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅ ነበር።

በቅርቡ አዲሷ ተከራያችን ከሲንኩ ሥር በር ያለው ቁም ሣጥን እንድናስገጥምላት ጠየቀችን። አናጢው 14,000 ብር አለ። «በኪራዩ ላይ ስንት ትጨምሪያለሽ?» ስላት ሳቀችና «ከተቻለ መቶ ብር» አለች። ባለፈው ሳምንት ስሄድ ከሲንኩ ሥር አበባ ያለበት መጋረጃ ሰቅላ አገኘኋት።